ከሥራ ስትለቁ የሚሰጣችሁ ቦነስና ሴቨራንስ፦ ታክሱን ከፊርማ እስከ ሪፈንድ

ዲሴምበር 2025 መጨረሻ ላይ አንዲት እህት ደወለችልኝ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሆቴል የሒሳብ ክፍል ትሠራ ነበር። የሥራ መደቧ ታጥፎ ተሰናበተች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ 13,600 ዶላር ይሰጥሻል ብለውኝ 8,785 ገባልኝ። ከሲሶ በላዩን ማን በላው?» አለችኝ።

ለአሥራ ምናምን ዓመት የሰው ታክስ ስሠራ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። መልሱ አጭር ነው። የተቆረጠው ገንዘብ ሁሉ ታክስ አይደለም። ከፊሉ መንግሥት ዘንድ የተቀመጠ ተያዥ ነው፤ የሚተሳሰበው በሚቀጥለው ዓመት ፋይል ስታደርጉ ነው። ግን ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከፈረማችሁ በኋላና ፋይል ስታደርጉ ልትሠሯቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የእሷን ቁጥር ይዘን እንሂድ። እዚህ የማወራው ስለ አሜሪካ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቡ

አገር ቤት የሥራ ስንብት ክፍያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የተወሰነ መብት ነው። እዚህ ግን የፌዴራል ሕግ ማንንም አሠሪ ሴቨራንስ እንዲከፍል አያስገድድም። የሚሰጣችሁ ወይ የድርጅቱ ፖሊሲ ስላለ፣ ወይ የሠራተኛ ማኅበሩ ውል ስላለ፣ ወይ ደግሞ «አልከሳችሁም» የሚል ስምምነት እንድትፈርሙ ስለተፈለገ ነው። በአብዛኛው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ውል ነው። ውል ደግሞ ሳይፈረም በፊት መነጋገር ይቻልበታል። ሰው ስለ ገንዘቡ መጠን ይከራከራል እንጂ «መቼ ነው የሚከፈለኝ?» ብሎ አይጠይቅም። ለታክስ ግን ቀኑ ከባድ ነገር ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

40 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ የዕድሜ አድልዎ ክስ የማቅረብ መብቱን የሚያስተወው ውል ከሆነ፣ ሕጉ ቢያንስ 21 ቀን ማሰቢያ ይሰጠዋል። በጅምላ ከሥራ ሲሰናበቱ 45 ቀን ይሆናል። ከፈረመ በኋላም 7 ቀን ሐሳብ መቀየሪያ አለው። እህታችን 44 ዓመቷ ነው። ወረቀቱ የተሰጣት ዲሴምበር 3 ሲሆን በዚያው ቀን ፈረመች። «አሳዘኑኝ፣ ቶሎ ልገላግላቸው ብዬ» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ለይታችሁ ጻፉ። የዓመት መጨረሻ ቦነሱ ስንት ነው? ሴቨራንሱስ? የእሷ ቦነስ 4,000 ነበር። ሴቨራንሷ የ8 ሳምንት ደመወዝ፣ ማለትም 9,600 ነው። ደመወዟ በየሁለት ሳምንቱ 2,400፣ በዓመት 62,400 ነበር። ያልተጠቀማችሁበት የዕረፍት ቀን በገንዘብ ከተተካም ለብቻው እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

ሦስቱ ቆራጮች

ቦነስ፣ ሴቨራንስና የዕረፍት ክፍያ በአይአርኤስ ዓይን «ሱፕልመንታል ዌጅ» ይባላሉ። ከመደበኛው ደመወዝ ውጭ የመጣ ደመወዝ ማለት ነው። አሠሪው ከፈለገ ደብልዩ-4 ላይ የሞላችሁትን ሳያይ ቀጥ ብሎ 22 በመቶ ለፌዴራል ታክስ ይይዛል። (በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚሆነው 37 በመቶ ነው። ያ ችግር ያለበት ሰው ይህን ጽሑፍ አያነብም።)

ሁለተኛው ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ነው። በአንድ ላይ 7.65 በመቶ። ይህ ተያዥ ሳይሆን እውነተኛ ታክስ ነው፤ ሪፈንድ የለውም። አንዳንድ ሰው «ሴቨራንስ ደመወዝ ስላልሆነ ይህ አይመለከተውም» ይላል። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2014 ተዘግቷል፤ ሴቨራንስም ይቆረጥበታል።

ሦስተኛው ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ በሱፕልመንታል ክፍያ ላይ 5.75 በመቶ ይይዛል። እዚህ አካባቢ ሁሌም የሚነሳ አንድ ነገር አለ። ዲሲ እየሠራችሁ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖሩ ከሆነ የስቴት ታክሱ የሚሄደው ወደምትኖሩበት ነው። የመጨረሻው ቼክ ላይ የዲሲ ታክስ ተቆርጦ ካያችሁት ስህተት ነው፤ ለፔሮል ክፍሉ ንገሩ።

እንግዲህ 22 ሲደመር 7.65 ሲደመር 5.75፣ 35.4 በመቶ። ከ13,600 ላይ 4,814 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሄደ፤ 8,785.60 ቀረ። ማንም አልበላውም፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም።

የምትፈሩት ሌላው አሠራር

አንዳንድ ፔሮል 22 በመቶውን አይጠቀምም። ቦነሱንና ሴቨራንሱን ከመደበኛው ቼክ ጋር ደምሮ አንድ ትልቅ ቼክ ያደርገዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ «ይህቺ ሴት በየሁለት ሳምንቱ 16,000 ታገኛለች» ብሎ ያስባል። በ26 ሲያባዛው በዓመት 416,000 ይሆናል። በሀብታም መጠን ይቆርጥባታል።

የእሷ ክፍያ እንዲህ ተደርጎ ቢሆን፣ በቦነሱና በሴቨራንሱ ላይ የሚያዘው የፌዴራል ታክስ 2,992 መሆኑ ቀርቶ 4,017 አካባቢ ይደርስ ነበር። ትርፉ አይጠፋም፤ ፋይል ስታደርግ ይመለሳል። ነገር ግን ሥራ በሌላት ጊዜ 1,000 ዶላር ተቀምጦባታል ማለት ነው።

እንዴት ታውቃላችሁ? የቼኩን ዝርዝር አውጡ። የፌዴራል ታክሱን ለቦነሱና ለሴቨራንሱ ድምር አካፍሉት። ቼኩ ለብቻው ከሆነና መልሱ 0.22 ከመጣ አሠሪው ቀጥታውን መንገድ ተጠቅሟል። ደመወዝም አብሮ ካለ መጀመሪያ ከደመወዙ ሁልጊዜ የሚቆረጠውን ቀንሱለት። ከመከፈሉ በፊት ኤችአርን «ለብቻው ቼክ፣ በ22 በመቶ ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግዴታ የለባቸውም። ብዙ ጊዜ ግን እሺ ይላሉ፤ ለእነሱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

እውነተኛውን ታክስ አስሉ

አሁን እርሳስ አንሱ። እህታችን ያላገባች ናት፤ ልጅ የላትም፤ ሌላ ገቢ የላትም። ሁሉም ገንዘብ በ2025 ገባላት። 62,400 ሲደመር 4,000 ሲደመር 9,600፣ 76,000 ዶላር። ላላገባ ሰው የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን 15,750 ነው። ሲቀነስ 60,250 ይቀራል። ታክስ የሚሰላው በዚህ ላይ ነው።

ታክሱ እንደ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው 11,925 ዶላር 10 በመቶ ይከፈልበታል። ከዚያ እስከ 48,475 ያለው 12 በመቶ። ከዚያ በላይ እስከ 103,350 ያለው 22 በመቶ። ወደ ላይኛው ደረጃ መውጣት የታችኛውን ገንዘብ አይነካም። «ቦነሱ ብራኬቴን ስለሚቀይረው ባልወስደው ይሻላል» የሚለው ወሬ ስህተት ነው።

የእሷ፦ 1,192.50 ሲደመር 4,386 ሲደመር 2,590.50። ድምሩ 8,169 ዶላር።

በዓመቱ ውስጥ ከደመወዟ በየሁለት ሳምንቱ 209.60 ገደማ ተይዟል፤ በ26 ጊዜ 5,450 ያህል። በዚያ ላይ 2,992። በአጠቃላይ 8,442 ዶላር ገደማ። ስለዚህ ሪፈንዷ 272 ዶላር አካባቢ ነው። በጣም ትልቅ አይደለም። ለምን? ከ48,475 በታች የቀራት ክፍት ቦታ 1,825 ዶላር ብቻ ስለነበር፣ ከ13,600 ውስጥ 11,775 ዶላሩ በእርግጥም 22 በመቶ ውስጥ ወድቋል። አነስ ያለ ደመወዝ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ በዓመት 40,000 የሚያገኝ፣ ያው 13,600 ቢሰጠው ሙሉ በሙሉ 12 በመቶ ውስጥ ያርፋል። ሪፈንዱም ከ1,300 ዶላር በላይ ይሆናል።

ዲሴምበር ወይስ ጃንዋሪ

ቀኑ ከባድ ነገር ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ደመወዝ የሚታሰበው በተሠራበት ዓመት ሳይሆን እጃችሁ በገባበት ዓመት ነው።

እህታችን ቦነሱን በዲሴምበር ወስዳ ሴቨራንሱን በጃንዋሪ 2026 ብትቀበል ኖሮ፣ የ2025 ታክሷ ከ8,169 ወደ 6,057 ይወርድ ነበር። 9,600ው ወደ 2026 ይሻገራል። በ2026 ምን ገቢ አላት? ሜይ ላይ በተመሳሳይ ደመወዝ ሥራ ታገኛለች እንበል። ለ17 ክፍያ 40,800 ታገኛለች። ከሴቨራንሱ ጋር 50,400። የ2026 ስታንዳርድ ዲዳክሽን 16,100 ሲቀነስ 34,300። ይህ ሙሉ በሙሉ ከ12 በመቶው ደረጃ ጣሪያ በታች ነው። የሥራ አጥ ክፍያ ቢጨመርበትም አያልፍም። ስለዚህ ሴቨራንሱ ላይ በ2,112 ፋንታ 1,152 ትከፍላለች። 960 ዶላር ይተርፋታል። የቨርጂኒያው ታክስ ግን ምንም አይለወጥም፤ እዚያ ከፍተኛው 5.75 በመቶ የሚጀምረው ከ17,000 ዶላር ስለሆነ ሁለቱም ዓመት ያው ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ጃንዋሪ ላይም 22 በመቶ ይያዝባታል። ያ 960 እጇ የሚገባው የ2026ን ታክስ በ2027 ስትሠራ ነው። ሁለተኛ፣ ወዲያው 80,000 የሚከፍል ሥራ ካገኘች ጥቅሙ የለም፤ ያኔ 2026ም 22 በመቶ ውስጥ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቼኩ ዲሴምበር ላይ ተዘጋጅቶ «ነይ ውሰጂ» ከተባለች በኋላ «እስከ ጃንዋሪ አቆዩልኝ» ማለት አይሠራም። ሊሰጣችሁ ዝግጁ የሆነ ገንዘብ እንደወሰዳችሁት ይቆጠራል። ቀኑ ውሉ ውስጥ፣ ከመፈረም በፊት መጻፍ አለበት።

እሷ 21 ቀኗን ተጠቅማ ዲሴምበር 24 ብትፈርም፣ 7ቱ ቀን ሲጨመር ዲሴምበር 31 ይደርስ ነበር። ክፍያው በራሱ ጊዜ ወደ ጃንዋሪ ይሻገር ነበር። ማንንም መለመን አያስፈልጋትም ነበር።

ቦነሱን ወደ 401ኬ፣ ሴቨራንሱን ግን አይሆንም

ገና ሥራ ላይ ሳላችሁ የሚከፈል ቦነስ የድርጅቱ ፕላን ከፈቀደ ወደ 401ኬ ሊገባ ይችላል። 4,000ውን አስገብታው ቢሆን የፌዴራል ታክሷ በ880 ዶላር ይቀንስ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩ ግን ይቆረጣል። ምርጫውን ከክፍያው ቀን በፊት በድረ ገጹ ላይ መቀየር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «ልትሰናበቱ ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትገቡት እዚያ ይሁን። ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ የሚከፈል ሴቨራንስ ግን 401ኬ ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ ኤችአር እንኳ ሲሳሳት አይቻለሁ።

ሰዓቱ ካለፈባችሁ አንድ በር ይቀራል። ትራዲሽናል አይአርኤ የሚባለው፣ በግል የሚከፈት የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ነው። የ2025ን መዋጮ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ማስገባት ይቻላል። ጣሪያው 7,000 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት ለሞላው 8,000። ሥራ ቦታ ላይ የጡረታ ፕላን የነበረው ያላገባ ሰው ሙሉውን ለመቀነስ ገቢው ከ79,000 መብለጥ የለበትም። እህታችን 76,000 ላይ ናት፤ ሙሉውን መቀነስ ትችላለች። ልብ በሉ፦ ሴቨራንሱ ትንሽ ተለቅ ቢል ኖሮ ከዚህ መስመር ታልፍ ነበር።

እንዳማከርኳት፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ለብቻ አስቀምጣ ከተረፋት ብቻ ታስገባ። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከተነካ፣ ከታክሱ ሌላ በወጣው ገንዘብ ላይ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ሥራ ለሌለው ሰው 7,000 መቆለፍ ቀልድ አይደለም። 4,000 ላስገባ አለች።

የሥራ አጥ ክፍያና የጤና መድን

ሴቨራንስ የወሰደ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ ማመልከት ይችላል። ክፍያው ወዲያው ይጀምራል ወይስ ሴቨራንሱ እስኪያልቅ ይቆያል የሚለው እንደ ስቴቱ ይለያያል። ስታመለክቱ ሴቨራንሱን አትደብቁ፤ አሠሪያችሁ ይጠየቃል። የሥራ አጥ ክፍያውም በፌዴራል ደረጃ ታክስ ይከፈልበታል፤ በራሱ ግን አይቆረጥም። 10 በመቶ እንዲያዝላችሁ ካልጠየቃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ዕዳ ሆኖ ይመጣል። በጃንዋሪ ፎርም 1099-ጂ ሲመጣ ደንግጠው የሚደውሉልኝ ብዙ ናቸው።

በመንግሥት ድጎማ የጤና መድን በማርኬትፕሌስ የምትገዙ ከሆነ፣ ሴቨራንሱ በተቀበላችሁበት ዓመት ገቢ ውስጥ እንደሚደመር አስቡ። ጃንዋሪ ላይ የተሻገረ 9,600 ዶላር ታክሱን አቅልሎ ድጎማውን ሊቀንስባችሁ ይችላል። ማመልከቻው ላይ የዓመት ገቢያችሁን ስትገምቱ አብራችሁ ጻፉት።

ደብልዩ-2 ሲመጣ

አድራሻ ከቀየራችሁ ለቀድሞው አሠሪ ንገሩ። ቀላል ይመስላል፤ ግን የለቀቁ ሰዎች ወረቀት የሚጠፋው በዚህ ነው። የድርጅቱ የፔሮል ድረ ገጽ ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻዎቹን ቼኮች ዝርዝር አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ወረቀቱ ሲመጣ ሳጥን 1ን ተመልከቱ። ደመወዝ፣ ቦነስና ሴቨራንስ ተደምረው እዚያ አሉ፤ ለብቻቸው አይጻፉም። ስለዚህ በራሳችሁ ዝርዝር አመሳክሩ። 401ኬ ወይም በታክስ ፊት የሚቆረጥ የጤና መድን ከነበራችሁ ሳጥን 1 በዚያ መጠን ያንሳል፤ ስህተት አይደለም። የእሷ ምንም ስላልነበረ ቀጥታ 76,000 መሆን አለበት።

ትልቁ ስህተት ሌላ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ድርጅት ሴቨራንሱን ደብልዩ-2 ውስጥ ሳያስገባ ፎርም 1099-ኤንኢሲ ይልካል። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፦ ሴቨራንሱ ምንም ሳይቆረጥበት ሙሉውን ከገባላችሁ ደስ አይበላችሁ። በዚያ ፎርም ከተላከ እንደ ግል ሠራተኛ ተቆጥራችሁ የአሠሪውን ድርሻ ጭምር 15.3 በመቶ ገደማ ትጠየቃላችሁ። ወዲያው በጽሑፍ «ይህ የሠራተኛ ክፍያ ነው፣ የታረመ ደብልዩ-2 ላኩልኝ» በሉ። የታረመው ፎርም ደብልዩ-2ሲ ይባላል። እምቢ ካሉ ለአይአርኤስ በ800-829-1040 መደወል ይቻላል። ደብልዩ-2 ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ በቼኮቹ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ፎርም 4852 ይሞላል።

አዲስ ሥራ ስትጀምሩ የምትሞሉት ደብልዩ-4 የድሮውን ሴቨራንስ አያውቅም። አሮጌው አሠሪ አብዝቶ ይዞባችሁ ከሆነ፣ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የታክስ ማስሊያ ከፍታችሁ በዓመቱ እስካሁን የተያዘባችሁን አስገቡ። ከአዲሱ ደመወዝ ስንት መያዝ እንዳለበት ይነግራችኋል። እንዲህ ካደረጋችሁ ሪፈንዱን እስከ ሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በየቼኩ ቀስ እያለ ይመለስላችኋል።

እህታችን ጃንዋሪ ላይ 4,000 ዶላር አይአርኤ ውስጥ አስገባች። የፌዴራል ሪፈንዷ ከ272 ወደ 1,152 ዶላር ከፍ አለ። ከቨርጂኒያ ደግሞ 230 ዶላር ተጨመረላት። በጃንዋሪ ብትቀበል ያተርፋት የነበረውን 960 ስነግራት ግን ዝም አለች። ከዚያ፣ «ለምን ቀደም ብዬ አልደወልኩልህም?» አለችኝ።